የኢንተርንሺፕ ማጠቃለያ ፕረዘንቴሽን በ10 ደቂቃ

ኢንተርንሺፑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሱፐርቫይዘሩ «ሐሙስ የሠራኸውን ለቡድኑ ታቀርባለህ» ይላል። 10 ደቂቃ ንግግር፣ 5 ደቂቃ ጥያቄ። እኔ የወጣሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሥራዬ በአንድ መስመር ላይ ክር እየተበጠሰ ማሽን የሚቆምበትን ጊዜ መመዝገብና መቀነስ ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፑን አትክፈት። ውጤትህን ወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። የኔ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ «መርፌ በየፈረቃው ስንቀይርና የክሩን ቴንሽን ስናስተካክል፣ ክር ተበጥሶ ማሽን የሚቆመው በቀን ከ4 ጊዜ ወደ 2 ወረደ።» የመጀመሪያው ስላይድ ይኸው ነው። ለግቢ በምትጽፈው ሪፖርት የድርጅቱ ታሪክና መዋቅር ይቀድማል። እዚህ ግን የሚሰሙህ ፋብሪካውን ዞረው ያሳዩህ ሰዎች ናቸው፤ መልሰህ ለነሱ አታስጎብኝ።

ቀጥሎ ቁጥርህን መርምር። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ጋ ነው። ከለውጡ በፊት 12 የሥራ ቀን መዝግቤ 48 መቆም አግኝቼ ነበር። ከለውጡ በኋላ ግን ጊዜ አልበቃኝም፤ የመዘገብኩት 6 ቀን ብቻ ነው፣ 12 መቆም። ስላይዱ ላይ «ከ48 ወደ 12» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። አንድ የቆዩ ሜካኒክ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ስንት ስንት ቀን ነው የቆጠርከው?» አሉኝ። ሩብ ያልኩት ለካ ግማሽ ነው። ግማሽም ቢሆን ጥሩ ውጤት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ያምነኛል? ስለዚህ ሁሉንም በቀን አካፍለህ አቅርብ፣ ስንት ቀን እንደመዘገብክም አጠገቡ ጻፍ። በሁለቱ ጊዜያት የሚሰፋው ጨርቅ የተለያየ ከነበረም ሳትጠየቅ ተናገር፤ ለውጡን ጨርቁ አምጥቶት ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዳይደርስብህ ከሁለት ቀን በፊት ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጋ ሂድ። «ጋሼ፣ ይችን ቁጥር አንዴ ይዩልኝ» በለው። ስህተቱን እዚያው ይነግርሃል። ቴንሽኑን ያስተካከለው እሱ ከሆነ ደግሞ ስሙን ስላይዱ ላይ አስገባ። «ሠራሁ» እና «ሠራን» የሚሉትን ለይተህ ተጠቀም፣ ቡድኑ ያውቃል።

ለ10 ደቂቃ አምስት ስላይድ ይበቃል፦ ውጤቱ፣ እንዴት እንደመዘገብክ፣ ምን እንደቀየርክ፣ ያልተፈታው፣ ርክክብ። ከ10ሩ ደቂቃ አብዛኛውን ለሦስተኛው ስላይድ ስጠው። መብራት ቢጠፋስ? አብሽር፣ ዋናውን ግራፍ በወረቀት አትመህ ያዝ።

ርክክቡን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሰኞ ጀምሮ መዝገቡን ማን ይሞላል? መርፌውን በየፈረቃው ማን ይቀይራል? ሰዎቹን ቀድመህ አነጋግር፣ ከተስማሙ ስማቸውን ጻፍ። የመጨረሻው ስላይድ «አመሰግናለሁ» ብቻ ከሚሆን እነዚህ ስሞች ይሁኑበት፤ ጥያቄ ሲጀመርም እዚያው ላይ ተወው።