የፓስካል ረድፍ ካሬዎች ድምር፦ በሁለት መንገድ የመቁጠር ማረጋገጫ የት ላይ ይሰናከላል?

የፓስካል ሦስት ማዕዘንን ረድፎች ከዜሮ ጀምረን ብንቆጥር አራተኛው ረድፍ 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ነው። የእያንዳንዱን ቁጥር ካሬ ስንደምር 1 + 16 + 36 + 16 + 1 = 70 ይመጣል። 70 ደግሞ በስምንተኛው ረድፍ መካከል ላይ የተቀመጠው ቁጥር ነው። ይህ ለማንኛውም n ይሠራል፦

```
C(n,0)² + C(n,1)² + ... + C(n,n)² = C(2n,n)
```

እዚህ C(n,k) ማለት ከ n ነገሮች k ያህሉን የመምረጫ መንገዶች ብዛት ነው። ማረጋገጫው አንድን ስብስብ በሁለት መንገድ መቁጠር ብቻ ነው፤ ሲጻፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ሆኖም ተማሪዎች ራሳቸው ለማግኘት ሲሞክሩ የሚቆሙባቸው ቦታዎች ተመሳሳይ ናቸው።

ምልክት፦ ካሬው ምን እንደሚቆጥር አልታይ ይላል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ከግራ በኩል መጀመር ነው። የግራው ጎን ረጅምና የተበታተነ ስለሆነ ታሪኩን በቀላሉ አይናገርም። የቀኙ ጎን ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ C(2n,n) ከ 2n ሰዎች n አባላት ያሉት ኮሚቴ ምረጡ ይላል። ስለዚህ መጀመር ያለብን ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ወሳኝ ነው፦ በግራ በኩል ያለው k በቀኝ በኩል የት ሄደ? በአንድ ጎን ብቻ የሚታይ ተለዋዋጭ ኮሚቴዎቹን በክፍል በክፍል የለየንበት መስፈርት ነው። እንግዲህ 2n ሰዎቹን n ሴቶችና n ወንዶች እናድርጋቸውና ኮሚቴዎቹን በሴቶቹ ብዛት እንለያቸው። በኮሚቴው k ሴቶች ካሉ ወንዶቹ n−k ናቸው፤ ስለዚህ እንዲህ ያሉት ኮሚቴዎች ብዛት C(n,k) × C(n,n−k) ነው። የሚመረጡትን n−k ወንዶች መወሰን የሚቀሩትን k ወንዶች ከመወሰን ስለማይለይ C(n,n−k) ከ C(n,k) ጋር እኩል ነው። ካሬው የመጣው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ ኮሚቴ ደግሞ አንድ የተወሰነ የሴት ብዛት ስላለው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ይወድቃል። «ልክ k ሴቶች» የሚለውን «ቢያንስ k ሴቶች» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ክፍሎቹን ስላደራረባቸው ድምሩ ይበላሽበታል።

ሴቶቹና ወንዶቹ እኩል መሆናቸውም የግድ አይደለም። m ሴቶችና n ወንዶች ብለን r አባላት ብንመርጥ ያው አስተሳሰብ C(m+n,r) የ C(m,k) × C(n,r−k) ድምር መሆኑን ይሰጠናል። ይህ እኩልነት በፈረንሳዊው ቫንደርሞንድ ስም ይጠራል፤ ቻይናዊው ዡ ሺጂዬ ግን በ1303 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያውቀው ነበር።

ምልክት፦ ግራው አንድ ነገር፣ ቀኙ ሌላ ነገር ይቆጥራል

ካሬውን ቃል በቃል ያነበበ ሰው «k ሴቶችና k ወንዶች መምረጥ» ይለዋል። ንባቡ ትክክል ነው፤ ችግሩ የቡድኑ መጠን 2k መሆኑ ነው። k ሲለዋወጥ መጠኑም አብሮ ይለዋወጣል፤ ቀኙ ግን ሁልጊዜ n አባላት ይፈልጋል። ይህ ሰው መንገዱን መተው አያስፈልገውም፤ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል፦ ሴቶቹን እንዳሉ ይዞ፣ ወንዶቹን በተቃራኒው መገልበጥ። የተመረጡት k ወንዶች ይወጣሉ፤ ያልተመረጡት ይገባሉ። አሁን መጠኑ k + (n−k) = n ይሆናል።

በ n = 2 እንየው። ሴቶቹ ሀናና ሰላም፣ ወንዶቹ ዳዊትና ዮናስ ይሁኑ። ማንንም ካልመረጥን ከግልበጣው በኋላ ኮሚቴው ዳዊትና ዮናስ ይሆናል። ሀናንና ዳዊትን ከመረጥን ኮሚቴው ሀናና ዮናስ ነው፤ እንዲህ ያለው አንድ ለአንድ ምርጫ በአራት መንገድ ይገኛል። አራቱንም ከመረጥን ሀናና ሰላም ይቀራሉ። በጠቅላላው 1 + 4 + 1 = 6፣ ይህም C(4,2) ነው። ግልበጣው ወደ ኋላም መመለስ እንዳለበት አትዘንጉ፤ ኮሚቴው ሲሰጠን ወንዶቹን መልሰን ገልብጠን የመጀመሪያውን ምርጫ ማግኘት ከቻልን ማረጋገጫው ቆሟል።

ምልክት፦ ውጤቱ ከሚገባው በላይ ይበዛል

እኔ ከሁሉም ይበልጥ የማተኩርበት ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም አጻጻፉ ፍጹም ትክክል ይመስላል። 3 ሴቶችና 3 ወንዶች አሉ፤ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችባቸው ሦስት አባላት ያላቸው ኮሚቴዎች ስንት ናቸው? ብዙዎች «አንዲት ሴት በ3 መንገድ እንምረጥ፤ ከቀሩት 5 ሰዎች ሁለት በ C(5,2) = 10 መንገድ እንጨምር፤ 30 ይሆናል» ይላሉ። ነገር ግን ኮሚቴዎቹ በጠቅላላው 20 ናቸው፤ ወንዶች ብቻ ያሉበት አንዱ ሲቀነስ መልሱ 19 ነው።

ምክንያቱ፣ መጀመሪያ የተመረጠችው ሴት ከሌሎቹ ተለይታ መቀመጧ ነው። ሁለት ሴቶች ያሉበት ኮሚቴ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሴቶች ያሉበት ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። እንግዲህ 30 የሚቆጥረው ኮሚቴዎችን ሳይሆን ሴት ሰብሳቢ የተመረጠላቸውን ኮሚቴዎች ነው።

ይህንን ካወቅን 30 የሚጣል ቁጥር አይደለም፤ ሌላ እኩልነት ይሰጠናል። ሴት ሰብሳቢ ያላቸውን ኮሚቴዎች በሴቶቹ ብዛት ከለየናቸው፣ k ሴቶች ካሉበት ኮሚቴ ሰብሳቢዋ በ k መንገድ ትመረጣለች፦

```
1·C(n,1)² + 2·C(n,2)² + ... + n·C(n,n)² = n·C(2n−1,n−1)
```

ለ n = 3፣ 9 + 18 + 3 = 30። ስለዚህ መፍትሄው ሁለት ነው፤ የምትቆጥሩትን ነገር መጀመሪያ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከዚያም አንድ ኮሚቴ አንስታችሁ በአሠራራችሁ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ጠይቁ። መልሱ ከኮሚቴ ኮሚቴ ከተለያየ ስህተቱ ተገኝቷል።

ምልክት፦ የመቀነስ ምልክት ገብቶ ቆጠራው ይቆማል

የአራተኛውን ረድፍ ካሬዎች እያፈራረቅን ብንደምርና ብንቀንስ 1 − 16 + 36 − 16 + 1 = 6 ይመጣል። ይህንን በተራ ቆጠራ ማሳየት አይቻልም፤ ከዜሮ ያነሰ የኮሚቴ ብዛት የለምና። እዚህ ላይ የሚሠራው ማጣፋት ነው። የሴቶቹ ብዛት ሙሉ ከሆነ ኮሚቴው ላይ +፣ ጎደሎ ከሆነ − እናድርግ። እያንዳንዷን ሴት ከአንድ ወንድ ጋር አጣምረን ጥንዶቹን በተራ እናስቀምጣቸው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የተመረጠበትን የመጀመሪያውን ጥንድ ፈልገን በኮሚቴው ያለውን በጥንዱ እንተካ። የሴቶቹ ብዛት በአንድ ስለሚለወጥ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ድጋሚ ብንተካ ወደነበርንበት እንመለሳለን። ስለዚህ እነዚህ ኮሚቴዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣፋሉ።

የማይጣፉት ከእያንዳንዱ ጥንድ ሁለቱም የገቡባቸው ወይም ሁለቱም የቀሩባቸው ኮሚቴዎች ናቸው። n ጎደሎ ከሆነ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ስለሌለ ድምሩ 0 ነው። n ሙሉ ከሆነ ከ n ጥንዶች n/2 ይመረጣሉ፤ ብዛቱ C(n,n/2) ሲሆን ምልክቱን የሚወስነው የ n/2 ሙሉነት ወይም ጎደሎነት ነው። ቀደም ባሉት አራት ሰዎች ሀናን ከዳዊት፣ ሰላምን ከዮናስ ብናጣምር፣ «ሀናና ሰላም» ከ «ዳዊትና ሰላም» ጋር፣ «ሀናና ዮናስ» ከ «ዳዊትና ዮናስ» ጋር ይጣፋሉ። የሚቀሩት «ሀናና ዳዊት»፣ «ሰላምና ዮናስ» ናቸው፤ በሁለቱም አንዲት ሴት ስላለች ምልክታቸው − ነው፣ 1 − 4 + 1 = −2 የሆነውም ለዚህ ነው።