ሽንኩርት ከታፊዎቼ ለምን ይለቁ ነበር?

በምመራው ወጥ ቤት አብዛኛው አዲስ ከታፊ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም ነበር። ደመወዝ ብጨምርም መልቀቁ አልቆመም። ስለዚህ የሚለቁትን ሒሳባቸው ከተከፈለ በኋላ፣ ዋናው ሼፍ በሌለበት፣ ቡና እየጠጣን ማነጋገር ጀመርኩ። ከክፍያ በፊት ስጠይቅ "የግል ጉዳይ ነው" ከማለት አያልፉም ነበር። አንዲት ልጅ ግን "ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ምድጃው ጋ መቼ እንደምደርስ የነገረኝ የለም" አለችኝ።

ግድግዳው ላይ ደረጃዎቹን ከነደመወዛቸው ለጠፍኩ፦ ከታፊ፣ ሰላጣ፣ ምድጃ፣ የፈረቃ ኃላፊ። ለማለፍ የሚያስፈልገውም ተጻፈ፤ ከታፊው ወደ ሰላጣ የሚያልፈው አምስት ዓይነት ሰላጣ ያለ ረዳት ሲያዘጋጅ ነው። "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ" ያተረፈልኝ ቅናት ብቻ ስለሆነ ተውኩት፤ አሁን ፈረቃው ሲያልቅ ማን ምን እንዳሳመረ በስሙ ጠርቼ እናገራለሁ።

ከታፊዎቹ መቆየት ጀምረዋል። የማታ ትራንስፖርት ግን አልተፈታም፤ ሰሞኑን የለቀቀው ዕቃ አጣቢ የነገረኝም ይህንኑ ነው።