በፕሮጀክት መዝጊያ ወር የተመዘገበ ወጪ ተቀባይነት እንዴት ይመረመራል?

በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ሊዘጋ ሲል ቀሪ በጀትን ለመጨረስ የሚፈጸሙ ክፍያዎች ይበዛሉ፤ እነዚህን በክፍያ ማዘዣው ቀን ብቻ የሚመረምር ኦዲተር ሁሉንም በጊዜው የወጡ አድርጎ ሊያልፋቸው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ወር ናሙና ከክፍያ ማዘዣ ሳይሆን ከዕቃ መረከቢያው፣ ማለትም ከሞዴል 19፣ ጀምሩና ቀኑን ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለውጣችሁ ከስምምነቱ ማብቂያ ቀን ጋር አስተያዩት።

ለምሳሌ ስምምነቱ ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ካበቃ፣ ያ ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው (በአብዛኞቹ ዓመታት ግን 22 ስለሚሆን በልማድ አትቁጠሩት)። ታኅሣሥ 19 የተከፈለበት የኮምፒውተር ግዢ በሞዴል 19 ላይ ጥር 6 ገቢ ተደርጎ ከተገኘ፣ በማብቂያው ቀን የነበረው ቅድመ ክፍያ እንጂ በፕሮጀክቱ ዘመን የተፈጸመ ወጪ አይደለም። ብዙ ስምምነቶች ተቀባይነትን የሚለኩት ገንዘቡ በወጣበት ሳይሆን ዕቃው ወይም አገልግሎቱ በተገኘበት ቀን ነውና።

ሆኖም የማጠቃለያ ሪፖርትና የኦዲት ክፍያን ከማብቂያው በኋላ የሚፈቅዱ ስምምነቶች ስላሉ፣ ግኝቱን ከመጻፋችሁ በፊት የተቀባይነት አንቀጹን ከነማሻሻያዎቹ አንብቡ፤ የማራዘሚያ ደብዳቤ ከቀረበም ለጋሹ የፈረመበት ቀን ከዋናው ማብቂያ መቅደሙን አረጋግጡ።