ድንኳን ተነስቶ የተራቆተ ሳር፦ ዘር ስንጨምርና ውሃ ስናጠጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ደሴ አክስቴ ግቢ ድንኳን ተተከለ። የልጃቸው ሰርግ ነበር። ድንኳኑ አራት ቀን ቆይቶ ሲነሳ ከስሩ ያለው ሳር ገለባ መስሎ ነበር። ዳር ዳሩ ዝናብ ሲያገኝ አገገመ። መሀሉ ላይ ግን፣ ሰው ሲጨፍር ባመሸበት ቦታ፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን መሬት ተራቁቶ ቀረ።

አክስቴ ሐምሌ ላይ ዘር ገዝተው በተኑበት። ምንም አልበቀለም። ነሐሴ መጨረሻ ልጠይቃቸው ስሄድ ዘሩን አጥሩ ስር አገኘሁት። ውሃው ጠርጎ ወስዶት እዚያ ተደርድሮ በቅሏል። ቀጭን አረንጓዴ መስመር ሠርቷል።

«ዘሩማ ደህና ነበር እኮ» አሉኝ ሲያዩት።

እውነታቸውን ነው፣ ዘሩ ደህና ነበር። ከመስቀል በኋላ አብረን እንደ አዲስ ጀመርን። ከዚያ ግቢ ያየኋቸውን ስህተቶች፣ ከሌላም ቦታ የማውቃቸውን ጨምሬ እነግራችኋለሁ።

ሳሩ ለምን እንደጠፋ ሳያውቁ ዘር መግዛት

ቢጫ ሁሉ ሞት አይደለም። በተለይ ሰርዶ በበጋ ውሃ ሲያጣ ወይም ውርጭ ሲመታው ከላይ ይደርቃል፣ ስሩ ግን ይተኛል እንጂ አይሞትም። አንድ ጭብጥ ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ከያዘና ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነጣ ወይም አረንጓዴ ካለ፣ የሚፈልገው ውሃ ነው። በቀላሉ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ከቀረና ከታች ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ሲሳብ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሳ ደግሞ አፈሩን ገለጥ አድርጉ። ነጭ፣ ቆልመም ያለ ትል ስሩን እየበላው ሊሆን ይችላል። ትሉ እያለ የሚዘራ ዘር ለትሉ ቀለብ ነው።

ውሻ ያለበት ቤት ክብ ቢጫ ታገኛላችሁ፤ ዳሩ ከሌላው ሳር ይልቅ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። ሽንቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን መሀሉን አቃጥሎ ዳሩን ስለመገበው ነው። በእኛ አካባቢ ግን ከውሻ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያየሁት የልብስ አጠባ ውሃ ነው። በረኪና ያለበት እጣቢ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደፋ፣ ያን ቦታ የፈለጋችሁትን ብትዘሩበት አይሆንም። መጀመሪያ መድፊያውን ቀይሩ፣ ከዚያ ቦታውን ለጥቂት ቀን በደንብ በንጹህ ውሃ እጠቡት።

አክስቴ ግቢ ችግሩ ሌላ ነበር። ካቻቢቴ ይዤ መሬቱን ወጋሁት። ጤነኛው ሳር ላይ እስከ እጀታው ገባ። ራቁቱ ቦታ ላይ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። በእግር ብዛት አፈሩ ተጠቅጥቋል።

በተጠቀጠቀ መሬት ላይ መበተን

ሐምሌ ላይ የበተኑት ዘር የተወሰደው ለዚህ ነው። ዘር ለመብቀል ከአፈር ጋር መነካካት አለበት። ጠንካራ መሬት ላይ ዘሩ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ውሃውም መግባት ትቶ ይሄዳል።

ስድስቱን ካሬ ሜትር ከመቆፈራችን በፊት ለሁለት ቀን አረጠብነው። ከዚያ በዶማ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፈርነው። ጓሉን አደቀቅን፣ ድንጋዩን ለቀምን። በደንብ የበሰበሰ አሮጌ ፍግ ሁለት ጣት ያህል ከምረንበት ከአፈሩ ጋር ቀላቀልን። ትኩስ ፍግ አይሆንም፤ ቡቃያ ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። መጨረሻ ላይ በጣውላ አስተካክለን፣ በእግራችን ቀስ ብለን ረገጥነው። የጫማ ዱካ በትንሹ ብቻ የሚታይበት ከሆነ ልክ ነው።

ሳሩ ሳስቶ ቢጫ የሆነ እንጂ ጨርሶ ያልጠፋ ከሆነ ይህን ሁሉ መቆፈር አያስፈልግም። ያለውን አሳጥራችሁ እጨዱት፣ የደረቀውን አፈሩ እስኪታይ ድረስ በሬክ ቧጥጡት፣ ከዚያ በላዩ ላይ ዝሩ።

«የሳር ዘር» የተባለውን ሁሉ መግዛት

ገበያ ላይ የሳር ዘር ሲባል የከብት መኖ ዘርም ሊሆን ይችላል። ሮደስ ሳር ለላም ግሩም ነው፤ ለግቢ ግን ይረዝማል፣ ጉብ ጉብ እያለ ይበቅላል። ዘሩ ቀላልና ጸጉራም ነው። የግቢው ራይግራስ ዘር ረዘም ቀጠን ያለ፣ ጸጉር የሌለው ነው። አክስቴ ግቢ የነበረው ሳር ራይግራስ ስለሆነ ያንኑ ጨመርን። ደሴ ብርዳም ስለሆነች ይስማማዋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሙቀቱ ይከብደዋል፤ እዚያ ሰርዶ ያዋጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ግቢያችሁ ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ከሆነ፣ እነዚህ በመሬት ላይ እየሄዱ ስር የሚሰዱ ናቸው። አንድ ክንድ የማይሞላ ቀዳዳ አፈሩን አላልታችሁ ውሃ ብትሰጡት ራሱ ይሞላዋል። ለሰፊው ቦታም ከዳር ቁራጭ ነቅሎ መትከል ከዘር ይሻላል። ራይግራስ ብትዘሩበት ይበቅላል፣ ግን መልኩ ስለሚለይ ጨርቅ የተጣፈበት ልብስ ይመስላል።

ዘሩ ያረጀ መሆኑን ከጠረጠራችሁ 50 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ 35 እንኳ ካልበቀለ ሌላ ፈልጉ።

በክረምት አናት ላይ መዝራት

«ዝናብ እያለ ውሃ በማጠጣት ለምን እደክማለሁ?» ይባላል። የወሎ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን ዘር አያጠጣም፣ ያጥባል። የደሴ ግቢ ደግሞ ብዙው ተዳፋት ነው። ለደሴ ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ሲቀንስ፣ መስከረም አጋማሽ ላይና ከዚያ በኋላ ነው። አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ከመምጣቱ በፊትም ሳሩ ሁለት ወር ያህል ያገኛል። ያመለጠው ሰው በልግ ይጠብቅ።

እኛ የዘራነው መስከረም 20 ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 30 ግራም፣ ለስድስቱ 180 ግራም። ሱቅ ሄደን በሚዛን አስለካን። ለሁለት ከፍለን ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም በተንነው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቦታ ሞልቶ ሌላው አይጎድልም። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ዘር ከታየ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ካበዛችሁት ቡቃያው እርስ በርሱ ይታነቃል። በላዩ ላይ የተነፋ አፈርና ፍግ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አለበስነው፣ በጣውላ ጫን አደረግነው። ወፍ እንዳይለቅመው የጤፍ ጭድ ሳሳ አድርገን በተንን። አፈሩ በጭዱ መሀል መታየት አለበት።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ማጠጣት

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጠዋት ጎማ ለቅቆ አጥለቅልቆ ይሄዳል፣ ቀን ላይ ዘሩ ይደርቃል። ዘር አንዴ ረጥቦ ማቆጥቆጥ ከጀመረ በኋላ ከደረቀ ይሞታል፤ ነገ ብታጠጡት አይነሳም። ሌላው ደግሞ ቡቃያው ከወጣ በኋላም በቀን ሁለቴ ጠብ ጠብ ማድረጉን አያቆምም። ስሩ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ቢጫ ይሆናል።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። እስኪበቅል ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ በየጊዜው 12 ሊትር። ይህ ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ሊትር ነው። ነፋስ ባለበት ቀን 10 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ እንጨምራለን። ማጠጫ ስላልነበረን የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በሳስተን ተጠቀምን። ዝም ብሎ በጆግ ከፈሰሰ ዘሩን ቆፍሮ ያወጣዋል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ደወሉልኝ። «ና እይ፣ ጸጉር አወጣ!» እውነትም ፀሐይ በጎን ሲመታው ብቻ የሚታይ፣ ክር የመሰለ ነገር ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰው ተደስቶ ውሃ ይቀንሳል። ተዉ፤ ሁሉም እኩል አይወጣም፣ አንድ ሳምንት ያህል እንደነበረው ቀጥሉ።

ቦታው ሁሉ አረንጓዴ ሲለብስ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ 24 ሊትር አደረግነው። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ በየሁለት ቀኑ 48 ሊትር። ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 72 ሊትር፤ ሦስት ጀሪካን ተኩል ያህል ማለት ነው። አስሉት፣ የቀኑ ድርሻ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው አከፋፈሉ ነው። እያራቅንና እያበዛን ስንሄድ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ስሩም ይከተለዋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ሁለት በርሜል ካለው ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ቤት የሚውል ሰው ይፈልጋሉ።

አፈራችሁ ሸክላ ከሆነ ሰባ ሁለቱን ሊትር በአንዴ አይጠጣም። ግማሹን አጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ቀሪውን ጨምሩ። በማግስቱ ጣታችሁን ስትከቱ ከላይ ደርቆ ከታች እርጥብ ከሆነ ደርሳችኋል። ማታ ማጠጣት አልወድም። የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃው እስከ ጠዋት አይደርቅም። እንዲህ ያደረ ቡቃያ ስሩ አካባቢ በስብሶ ይተኛል።

ቶሎ ማጨድ፣ ቶሎ ዩሪያ መጣል

ስምንት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ አትንኩት። ሲደርስም ከላይ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ። ማጭዱ መሳል አለበት። የደነዘ ማጭድ አይቆርጥም፣ ይነቅላል። አክስቴ ግቢ የመጀመሪያው አጨዳ የሆነው በስድስተኛው ሳምንት ነው።

ዩሪያ ከሁለተኛው አጨዳ በኋላ ይበቃል፤ ለካሬ ሜትር 5 ግራም፣ ለእኛ ቦታ 30 ግራም። ሳሩ ደረቅ ሳለ በትናችሁ ወዲያው አጠጡት። ቅጠሉ ላይ ከቀረ ልክ እንደ ውሻው ሽንት ያቃጥለዋል።

ታኅሣሥ ላይ ካቻቢቴውን ይዤ ተመለስኩ። አራት ቦታ ወጋሁ። ሦስቱ ላይ እስከ እጀታው ገባ። አንደኛው፣ ከበሩ ወደ ማድቤት ሰው የሚያቋርጥበት ጥግ፣ መሀል ላይ ቆመ። እዚያ ዳግመኛ አልዘራንም። ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍንለት።