መብራት መጣና ዕቃው ተቃጠለ፤ የትኛው ኢንሹራንስ ይከፍላል?

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቲቪው አንዴ ብልጭ ይልና ይጨልማል። ከፍሪጁ ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይወጣል። የሶላሩ ኢንቨርተር ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ባለቤቱ ወዲያው የሚያስበው «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያለው ኢንሹራንስ ለሌላ አደጋ የተገዛ ነው። ጥያቄዎች ውድቅ የሚሆኑት በአብዛኛው በክፋት አይደለም፤ ደጋግመው በሚሠሩ ጥቂት ስህተቶች ነው።

«የእሳት ኢንሹራንስ ስላለኝ የተቃጠለ ነገር ሁሉ ይከፈላል» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በእሳት ውል ቋንቋ «መቃጠል» ማለት ነበልባል ያለው እውነተኛ እሳት ነው። በዕቃው ውስጥ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ ያለ ኮንደንሰር ፈንድቶ ጠቆረ ማለት እሳት ተነሣ ማለት አይደለም።

ከዚያም በላይ በብዙ የእሳት ውሎች ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ አንቀጽ አለ። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ፣ ሾርት፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ከውስጥ የመነጨ ሙቀት ወይም የኤሌክትሪክ መፍሰስ ራሱን ዕቃውን ቢያበላሸው ውሉ አይከፍልም ይላል። በአንዳንድ ውሎች መነሻው መብረቅ ቢሆን እንኳ ያው ነው። አንቀጹ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ከዕቃው የተነሣው እሳት ወደ ሌላ ንብረት ከተዛመተ፣ ለዚያ ለሌላው ንብረት ይከፈላል።

በተግባር እንየው። ቲቪው በኃይል መጨመር ተቃጥሎ መጋረጃውን ለኮሰ፣ ግድግዳውን አጠቆረ፣ መደርደሪያውን አነደደ እንበል። በእሳት ውሉ መጋረጃው፣ ግድግዳውና መደርደሪያው ይካሳሉ። ቲቪው አይካስም። ቲቪው ብቻውን በጸጥታ ሞቶ ቢቀር ኖሮ ምንም አይከፈልም ነበር። ስለዚህ ውልዎን ሲያገላብጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የተሸፈኑትን አደጋዎች ዝርዝር ሳይሆን ከሽፋን ውጭ የሆኑትን ይሁን። «ኤሌክትሪክ» የሚል ቃል ያለበትን መስመር እስከ ነጥቡ ድረስ ያንብቡት።

የቤት ዕቃ ውልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «የኤሌክትሪክ ብልሽት» በተጨማሪ ክፍያ የሚጨመር ሽፋን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልጨመሩት የለም።

ምክንያቱን ሳያውቁ «መብረቅ ነው» ብሎ መጻፍ

ካሳ የሚከፈለው በምክንያት ነው። አንድ የተቃጠለ ካርድ ምክንያቱ መብረቅ ከሆነ በአንድ ውል፣ የመስመር ብልሽት ከሆነ በሌላ ውል ሊሸፈን ይችላል፤ እርጅና ከሆነ ግን በየትኛውም ውል ላይሸፈን ይችላል።

ሰዎች መብረቅ ወይም «ኃይል ጨመረ» የሚሉት ጉዳት ብዙ ጊዜ የኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መቋረጥ ነው። ይህን ማወቅ ስለሚጠቅም ትንሽ ላብራራ። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ባለው መስመር በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 230 ቮልት አለ። በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 400 ቮልት አለ። የኒውትራሉ ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ዕቃዎች በ400 ቮልቱ ላይ በተከታታይ እንደተያያዙ ይሆናሉ፤ ቮልቱንም ይከፋፈሉታል፤ ብዙ ኃይል የሚበላው ጥቂት ቮልት፣ ጥቂት የሚበላው ብዙ ቮልት ይደርሰዋል።

በአንዱ ፌዝ 2000 ዋት የሚበላ ማሞቂያ፣ በሌላው 200 ዋት ብቻ የሚበላ ቲቪ አለ እንበል። በቀላል ሂሳብ ሲሰላ ማሞቂያው 36 ቮልት ያህል ብቻ ያገኛል። ቲቪው ከ360 ቮልት በላይ ይደርሰዋል። የሚጎዳው ጥቂት የሚበላው ዕቃ ነው፤ ቲቪ፣ ኮምፒውተር፣ ራውተር፣ የስልክ ቻርጀር።

ምልክቱም በዓይን ይታያል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዳንዱ አምፖል ደብዝዞ ሌላው ከልክ በላይ ያበራል። ጎረቤትም በአንድ ጊዜ ይጎዳል። መብረቅ ግን ቅጽበታዊ ነው። ዝናብና ነጎድጓድ በሌለበት ቀን መብረቅ ብሎ መጻፍ ጥያቄውን በገዛ እጅ ማዳከም ነው።

ሁኔታው ገና እንዳለ ከሆነ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት የኤሌክትሪክ ባለሙያ በማልቲሜትር ይለካ፤ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የለካበትን ቦታ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ከመስመሩ ድርጅትም ብልሽቱ መጠገኑን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። ይህ ወረቀት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ገማቹ ሳይመጣ አስጠግኖ የተቃጠለውን ክፍል መጣል

ሥራ እንዳይቆም የሚቸኩል ሰው ላይ መፍረድ ይከብዳል። ግን የተቃጠለው ካርድ ማስረጃው ራሱ ነው። ኢንሹራንሱ የሚልከው ገማች የሚያየው የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሄደ ነው። የኃይል መግቢያው ጋ ያለው ፊውዝና ከጎኑ ያለው ትንሹ መከላከያ ክብ ክፍል ከፈነዱ ጉዳቱ ከውጭ መጥቷል። የመግቢያው ክፍል ደህና ሆኖ ሞተሩ ብቻ ከተቃጠለ ግን ጥርጣሬው ወደ እርጅና ወይም ወደ ጥገና ጉድለት ይዞራል።

መጠገን የግድ ከሆነ መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ያሳውቁ። የዕቃውን መለያ ቁጥር ጨምሮ ፎቶ ያንሱ። የተነቀለውን ክፍል በላስቲክ አድርገው ምልክት ጽፈውበት ያስቀምጡ። የጠጋኙ ወረቀት ላይ «ተቃጥሏል» ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደተቃጠለና ምን እንዳቃጠለው መጻፍ አለበት።

የሶላር ኢንቨርተር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ የስህተት መዝገብ ይይዛሉ፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ስንት ሰዓት ላይ ከልክ እንዳለፈ ይመዘግባሉ። ቴክኒሻኑ ወደ ፋብሪካ ቅንብር ከመለሰው ያ መዝገብ ሊጠፋ ይችላል። ከመንካቱ በፊት መዝገቡን ይገልብጥ ወይም የስክሪኑን ፎቶ ያንሳ።

ጀነሬተሩን፣ ሶላሩንና ኮምፒውተሩን በአንድ ውል ስር ማሰብ

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ውሎች አሉ፤ የእሳት፣ የማሽነሪ ብልሽትና የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች፤ ድንበራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጀነሬተር በተፈጥሮው የሚገባው በማሽነሪ ብልሽት ውል ነው። ይህ ውል ድንገተኛና ያልታሰበ ብልሽትን ይሸፍናል፤ ሾርትን፣ የኦፕሬተር ስህተትን፣ የሥራ ጉድለትን። እሳትንና ቀጥተኛ መብረቅን ግን በአብዛኛው አይነካም፤ እነሱን ለእሳት ውል ይተዋል። ስለዚህ ጀነሬተሩ በሁለቱም ውሎች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል።

ጀነሬተር ክፉኛ የሚጎዳው ቤቱን ከመብራት ወደ ጀነሬተር የሚያዞረው ማቀያየሪያ በትክክል ሳይሠራ መብራት በላዩ ላይ ሲመጣበት ነው። ሁለቱ ኃይሎች ሳይጣጣሙ ይጋጫሉ፤ መጠምጠሚያው ወይም ቮልቴጅ ተቆጣጣሪው ይቃጠላል። ራሱን የሚያስነሳ ጀነሬተር ደግሞ ቆሞ እያለም ይጎዳል፤ መቆጣጠሪያ ካርዱና የባትሪ ቻርጀሩ ሁልጊዜ ከመስመሩ ጋር የተያያዙ ናቸውና።

በተቃራኒውም አለ። የጀነሬተሩ ቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ሲበላሽ ጀነሬተሩ ራሱ ከፍተኛ ቮልት አውጥቶ የቤቱን ዕቃ ይፈጃል። የማሽነሪ ውሉ ጀነሬተሩን ያስጠግናል፤ የተቃጠሉትን ኮምፒውተሮች ግን አይከፍልም።

ለኮምፒውተር፣ ለሕክምና መሣሪያ፣ ለካሜራና ለሰርቨር የተሠራው የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ውል ነው። የቮልቴጅ ጉዳትን በተሻለ የሚቀበለው እሱ ነው። እሱም ቢሆን ገደብ አለው። በሰፊው በሚሠራበት ቅጽ የኤሌክትሪክ አቅርቦት መቋረጥ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያደረሰው ጉዳት ከሽፋን ውጭ ነው። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ» የሚለውን ጉዳት መድን ሰጪው እንዴት እንደሚያየው ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር በጉዳት ቀን አይገኝም።

ሶላር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዕቃ ነው። ጣሪያ ላይ የተተከሉት ፓናሎች የሕንፃው አካል ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ኢንቨርተሩና ባትሪው ግን በዝርዝሩ በስማቸው ካልተጻፉ ከየትኛውም ውል ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ። የአምራቹ ዋስትናም በአብዛኛው የፋብሪካ ጉድለትን እንጂ ከመስመር የመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅን አይሸፍንም። ፍሪጅ ውስጥ የተበላሸው ዕቃ ደግሞ ሌላ ሽፋን ነው፤ ለብቻው ይገዛል።

በተገዛበት ዋጋ ማስመዝገብ

በማሽነሪም በኤሌክትሮኒክ ውልም መመዝገብ ያለበት ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ ዛሬ የሚገዛበት ዋጋ ነው፤ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የመትከያው ወጪ ተጨምሮ። ከዓመታት በፊት የተከፈለው ወይም ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም።

ኢንቨርተሩ ዛሬ አዲሱ 100 ቢሆንና በ50 ቢያስመዘግቡት፣ ግማሹን አደጋ ለራስዎ ይዘዋል ማለት ነው። ጥገናው 40 ቢፈጅ የሚሰላልዎ 20 ነው። ከዚያ ላይ ውሉ በርስዎ ላይ የጣለው ተቀናሽ 5 ከሆነ እጅዎ የሚገባው 15 ይሆናል። ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ይህ ክፍተት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሰፋል። ስለዚህ ውሉ ሲታደስ ዝርዝሩም ይታደስ።

በአንድ የመከላከያ ማራዘሚያ ላይ መተማመን

ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ማራዘሚያ የሚቀበለው በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች የሚለካ አጭር ምትን ነው። ኒውትራል ተቋርጦ 360 ቮልት ለደቂቃዎች ሲቆይ ራሱ ሞቆ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም እሳት ያስነሣል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የሚሠራው ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ መስመሩን ቆርጦ፣ ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ መቆጣጠሪያ ነው። ሶላር ካለ ከፓናል በሚመጣው የዲሲ መስመርም በኩል የራሱ ሰርጅ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ረጅም ሽቦ የአካባቢውን መብረቅ ቮልት ይስባልና። ሰርጅ መከላከያዎች ከደህና የመሬት ሽቦ ጋር ካልተያያዙ ሥራቸውን በትክክል አይሠሩም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የውል ጉዳይም አለ። መድን ሰጪው ስታቢላይዘር ወይም መከላከያ እንዲኖር በውሉ ግዴታ አድርጎ ከነበረና ጉዳቱ የደረሰው መከላከያው ተነቅሎ ሳለ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ክፍያው ሊከለከል ይችላል። መከላከያው ሲገጠም የተሰጠውን ደረሰኝና የተገጠመበትን ፎቶ ከውሉ ጋር አብረው ያስቀምጡ።