የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲዘለል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ መዋጥ

ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው ስህተት ይህ ነው። ካርባማዜፒን 200 ሚሊግራም ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት የሚወስድ ሰው እንውሰድ። የጠዋቱን ረስቶ 5 ሰዓት ላይ ካስታወሰ ወዲያው ይዋጠው፤ የማታውንም በሰዓቱ ይውሰድ። ትዝ ያለው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሆነ ግን የማታው ሊደርስ ሦስት ሰዓት ብቻ ስለቀረው የጠዋቱን ይተወውና 1 ሰዓት ላይ የተለመደውን አንድ ክኒን ብቻ ይዋጥ። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወሰድ መድኃኒት መለያው በግምት መሃሉ ነው፤ እዚህ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። ሐኪሙ ለታማሚው የሰጠው የተለየ መመሪያ ካለ እርሱ ይቀድማል።

ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ያለፈውን ሰዓት አይመልስም። ማዞር፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ማየትና ማስመለስ ሊያስከትል ይችላል፤ ፌኖባርቢታል ከሆነ ደግሞ ከባድ እንቅልፍ ይጨምራል። ከአንድ ቀን በላይ ከተዘለለ በራስ ግምት ከመጀመር ይልቅ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት መደወል ይሻላል። በተለይ ላሞትሪጂን ለበርካታ ቀናት ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን በድንገት መመለስ አደገኛ የቆዳ ሽፍታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ እንደገና ከትንሽ መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል።

«ስሙ አንድ ከሆነ የማንም አምራች ቢሆን አንድ ነው» ማለት

ለብዙ መድኃኒቶች ይህ እውነት ነው፤ ለፌኒቶይን ግን አይደለም። ጉበት ፌኒቶይንን የሚያስወግድበት አቅም ውስን ነው። አቅሙ ካለቀ በኋላ የምትጨመር ትንሽ መጠን፣ አፉ ድረስ በሞላ እንስራ ላይ እንደተጨመረ አንድ ኩባያ ውኃ ትሆናለች፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በድንገት ያሻቅባል። ስለዚህ ከአንዱ አምራች ክኒን ወደ ሰውነት የሚገባው ከሌላው ጥቂት ቢበልጥ ሰውየው ይመረዛል፤ ጥቂት ቢያንስ ደግሞ በሽታው ይመለሳል።

ይህ በአውስትራሊያ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በገሃድ ታይቷል። በእንክብሉ ውስጥ ማሟያ የነበረው ካልሲየም ሰልፌት በላክቶስ ተተካ። የፌኒቶይኑ መጠን አልተነካም። ሆኖም ካልሲየሙ መድኃኒቱ በሚገባ እንዳይሰርግ ይዞት ስለነበር፣ ማሟያው ሲቀየር ብዙ ታማሚዎች በሚወስዱት በዚያው መጠን ተመረዙ።

የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ለሐኪሞች ባወጣው ምክር ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል የሚወስድ ታማሚ በአንድ አምራች ምርት እንዲጸና ጠይቋል። ለሌቬቲራሴታም ግን እንዲህ ያለ ጥብቅነት በአብዛኛው አያስፈልግም።

መድኃኒት ቤቱ የለመዱት ምርት ከሌለውና ሌላ ካቀረበስ? ያለመድኃኒት ከመክረም የሌላ አምራች መውሰድ በእጅጉ ይሻላል፤ ይህን ሳልጠራጠር እናገራለሁ። ነገር ግን አዲሱን ከመጀመርዎ በፊት ለፋርማሲስቱ የድሮውን ካርቶን አሳይተው ሦስት ነገር ያመሳክሩ፦ የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ እንዲሁም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ መሆን አለመሆኑን። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያየውም። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ካርባማዜፒን ሲወስድ የኖረ ሰው ተራው ቢሰጠው፣ ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሊያዞረው፣ ቀጣዩ ሰዓት ሊደርስ ሲል ደግሞ መድኃኒቱ ሊያንሰው ይችላል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ክኒን ተፈጭቶ ወይም ታኝኮ አይወሰድም።

ከተቀየረ በኋላ ባሉት ሳምንታት የቤተሰብ ዓይን ያስፈልጋል። ዓይን ያለፈቃድ የሚርገበገብ፣ እርምጃ እንደሰከረ ሰው የሚንገዳገድ፣ ምላስ የሚተሳሰር ከሆነ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከቀድሞው ቶሎ ቶሎ ከጣለ ደግሞ አንሷል ማለት ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ መጠኑን ራስዎ አይቀይሩ፤ ሁለቱንም ካርቶን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ምርመራው ባለበት በደም ውስጥ ያለውን መጠን ማስለካት ጥርጣሬውን ይፈታል።

ሕመሙ ስለተወ ክኒኑንም መተው

አንዳንዶች ጠበል ሲገቡ፣ ሌሎችም ለወራት ሳይጥላቸው ሲቆይ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ያቆማሉ። ጠበል እየተጠመቁ ክኒኑን መቀጠል ይቻላል። ሮመዳንን ለሚጾሙ ደግሞ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ሱሑርና ኢፍጣር ማዛወር ይችል እንደሆነ ጾሙ ሳይገባ ይጠየቅ። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም ማብቂያ የሌለው ተከታታይ መንዘፍዘፍ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ የሚቆመው በሐኪም ክትትል ለወራት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ክኒን ተዘልሎ ወይም ተቋርጦ መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ታማሚው ሳይነቃ ሌላ ከተደገመበት፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። አፉ ውስጥ ምንም አያስገቡ፤ ክኒንም ቢሆን። ለሐኪሙ የትኛው መድኃኒት፣ ከስንት ቀን ጀምሮ እንደተዘለለ ይንገሩ።