ለዘወትር ቀለበት የማይሸረፍ ፈርጥ እንዴት ይመረጣል?

ጎረቤቴ ከሻኪሶ የተገኘ የኤመራልድ ፈርጥ ያለው ቀለበት ነበራት። ከጣቷ አውልቃው አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ድስት ስታነሳ ፈርጡ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ቀለበቱን ስታሳየኝ የፈርጡ ገጽ እንደ መስታወት ያበራል፤ አንድም ጭረት የለበትም። አንደኛው ማዕዘኑ ግን ተሸርፎ ወድቋል፤ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። «ጠንካራ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለች። የነገሯት እውነት ነው፤ ያልነገሯት ግን ሌላ ግማሽ አለ።

ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪሽ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው መለኪያ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የትኛው ድንጋይ የትኛውን ይጭራል? ኤመራልድ በዚህ መለኪያ ከ7.5 እስከ 8 ይደርሳል። በየቤቱ አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ 7 ስለሆነ በቀላሉ አይጭረውም። የጎረቤቴ ፈርጥ ገጽ ሳይደበዝዝ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋዩ ሲመታ ይሰበራል ወይስ ይችላል የሚለውን ግን መለኪያው አይናገርም።

አልማዝ ራሱ 10 ሆኖ ሳለ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1908 አምስተርዳም ውስጥ አልማዝ ጠራቢው ዮሴፍ አሸር 3,106 ካራት የነበረውን የኩሊናን አልማዝ የከፈለው በመጋዝ አልነበረም። በሌላ አልማዝ ጠባብ ጎድጓዳ መስመር ጭሮ፣ የብረት ስለት አስገብቶ በመምታት ነው። አልማዝ በውስጡ ለመከፈል የተዘጋጁ አቅጣጫዎች አሉት፤ እንጨት በቃጫው አቅጣጫ እንደሚፈለጠው ማለት ነው። በተቃራኒው ኔፍራይት የሚባለው የጄድ ዓይነት 6 ወይም 6.5 ብቻ ነው፤ ሆኖም ውስጡ እንደ ተፈተለ ጥጥ በተጠላለፉ ጥቃቅን ክሮች የተሞላ ስለሆነ ስብራትን ከሁሉም ፈርጦች በላይ ይቋቋማል። የጥንት ሰዎች መጥረቢያ ይሠሩበት ነበር።

ስለዚህ ፈርጥ ስትመርጡ ሁለቱንም ጠይቁ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እወቁ። ለየቀኑ ቀለበት ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ በአቧራ ብቻ እየተጫረ ይደበዝዛል። ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ ግን ተዉት።

ቀጥሎ ድንጋዩ በአንድ አቅጣጫ ተሰንጥቆ የሚከፈል ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። ቶጳዝ 8 ነው፤ ነገር ግን በአንድ አቅጣጫ ጥርት ብሎ ይከፈላል።

ሦስተኛው ደረጃ ለኤመራልድ ከሁሉም ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ኤመራልድ እንደ አልማዝ በቀላሉ የሚከፈልበት አቅጣጫ ባይኖረውም በተፈጥሮው ስንጥቅ ይበዛበታል። ፈርጡን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ ያዙ፤ ብርሃኑ ከጎን ይሁን። ፈርጡን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ገጹ ብርሃኑን እንደ መስታወት መልሶ የሚያበራበት ቅጽበት ላይ አቁሙ። በዚያ ነጸብራቅ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካቋረጠ፣ ስንጥቁ እስከ ገጹ ወጥቷል ማለት ነው። ያ መስመር ወደ ማዕዘን ወይም ወደ ጠርዝ ከሄደ አትግዙት፤ በጎረቤቴ ፈርጥ ላይ ስብራቱ የተከተለው እንዲህ ያለውን መስመር ነው። መሐል ላይ ቢቀር ግን ብዙ አያስፈራም። ስንጥቅን ለመደበቅ ኤመራልድን ዘይት መሙላት በንግዱ የተለመደ ስለሆነ ይህንንም በግልጽ ጠይቁ።

ከዚያ ቅርጹንና አቀማመጡን ተመልከቱ። ሹል ማዕዘን ለአደጋ ቅርብ ነው፤ የኤመራልድ አቆራረጥ ተብሎ የሚታወቀው ቅርጽ ማዕዘኖቹ ተቆርጠው የሚሠሩት ከዚህም የተነሳ ነው። ከጣት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ፈርጥ ደግሞ ሁሉንም ነገር ቀድሞ ይገጫል። ወርቅ ሠሪውን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን በወርቅ እንዲያቅፈው ጠይቁት። በአራት የወርቅ ጥፍር ብቻ የተያዘ ፈርጥ ማዕዘኖቹ ለምት የተጋለጡ ናቸው፤ ጥፍሩም ሲጠብቅ ስንጥቅ ላይ ካረፈ ራሱ ይሰብረዋል።

ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። በንዝረት የሚያጥብ ማሽን ወይም የእንፋሎት ማጽጃ ኤመራልድ ላይ አትጠቀሙ፤ ስንጥቁን ያሰፋሉ፣ ዘይቱንም ያወጣሉ።

የጎረቤቴን ፈርጥ ጠራቢው ማዕዘኖቹን ቆርጦ አስተካከለው። ትንሽ አንሷል፤ አሁን ዙሪያውን በወርቅ ታቅፏል፣ እሷም ምድጃ ስትቀርብ ታወልቀዋለች።